አንድ ነገር በአንድ ስም ይጠራ፦ ስለ መተዳደሪያ ደንባችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጋራ ሕንፃ ማኅበራት ሞዴል መተዳደሪያ ደንብ ለሚያዘጋጀውና ለሚያጸድቀው ጽሕፈት ቤት

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና የሕግ ባለሙያዎች፣

ባለፈው ወር የላክንላችሁን የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ «ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም» ብላችሁ መልሳችሁብናል። ሕንፃችን 40 ቤቶች አሉት። በዚያ እሑድ ጠዋት ኮሙናሉ ውስጥ የ26 ቤቶች ባለቤቶች ተገኝተን፣ የተቃጠለውን የውኃ ፓምፕ ለመተካት እያንዳንዱ ቤት 2,400 ብር እንዲያወጣ ወስነን ነበር። ከ40 ቤት 26ቱ ተገኝቶ ምልዓተ ጉባኤ እንዴት እንደማይሟላ ሊገባን ስላልቻለ ቢሯችሁ ድረስ መጥተን ጠየቅን። ባለሙያችሁ ደንቡን ገልጦ አሳየን። አንቀጽ 17 ላይ «ጉባኤው የሚካሄደው ከተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው» ይላል። ተጠቃሚ ማለት የሕንፃውን ውኃና ደረጃ የሚጠቀም ሁሉ ነው አለን። በዚህ አቆጣጠር በሕንፃችን 118 አዋቂዎች ስላሉ ቢያንስ 60 ሰው መገኘት ነበረበት።

ባለሙያችሁን አንወቅስም። ያነበበው የተጻፈውን ነው። ቅሬታችን ደንቡ በተጻፈበት መንገድ ላይ ነው። ይህን ደንብ እኛ አላረቀቅነውም። ማኅበሩ ሲመሠረት ከእናንተ ተሰጥቶን፣ የሕንፃውን ስምና ቁጥር ብቻ ሞልተን ፈርመናል። ያው ሞዴል ለሌሎች ብዙ ሕንፃዎችም ስለተሰጠ ነው ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው።

ከመቀጠላችን በፊት በዚህ ደብዳቤ የምንጠቀምባቸውን ሁለት ቃላት እናስታውቃችሁ። «የቤት ባለቤት» ስንል በሕንፃው ውስጥ ያለ ቤት የባለቤትነት መብት ያለው ሰው ማለታችን ነው። «ነዋሪ» ስንል ባለቤትም ይሁን ተከራይ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ማለታችን ነው። እስከ ፊርማው ድረስ እነዚህን አንለውጣቸውም።

ደንቡ አንድን ሰው በአምስት ስም ይጠራል። አንቀጽ 2 «አባል» ይለዋል። አንቀጽ 9 ላይ ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍለው «ነዋሪ» ነው። አንቀጽ 11 ላይ የከፍተኛ ጥገናን ወጪ የሚሸፍኑት «ባለይዞታዎች» ናቸው። አንቀጽ 14 ላይ ድምጽ ያለው «ባለቤት» ነው። አንቀጽ 17 ላይ ደግሞ የሚቆጠረው «ተጠቃሚ» ነው። ደንቡን ያረቀቀው ሰው በአምስቱም ያሰበው አንዱን የቤት ባለቤት እንደሆነ አንጠራጠርም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የማኅበሩን አባልነት የሚሰጠው ለቤቱ ባለቤት ነው። ነገር ግን ደንብ የሚያነብ ሰው የአርቃቂውን ሐሳብ ማየት አይችልም፤ የሚያየው ቃሉን ነው። በደብዳቤ ወይም በወግ ላይ ቃሉ ሲለወጥ አንባቢ «ያው ነው» ብሎ ያልፋል። በደንብ ላይ ግን ቃሉ ሲለወጥ ነገሩም ተለውጧል ብሎ ይጠብቃል። ሌላ ሰው ባይፈልጉ ኖሮ ለምን ሌላ ቃል ተጠቀሙ ብሎ ይጠይቃል። ይህ የተንኮለኛ አነባበብ አይደለም። ገንዘብ ክፈል የተባለ ሰው ሁሉ የሚያነበው እንደዚህ ነው።

ይህ በእኛ ላይ ምን እንዳደረሰ በፓምፑ እናሳያችሁ። አዲሱ ፓምፕ ከነመግጠሚያው 96,000 ብር ተጠይቆበት፣ ለ40 ቤት ሲካፈል 2,400 ብር ይደርሳል። ከ40ዎቹ ቤቶች ስድስቱ በውል ተሽጠው ስም ገና አልተዛወረም። ስድስቱ ገዢዎች አንቀጽ 11ን ጠቅሰው «ባለይዞታ የሚባለው ስሙ በካርታው ላይ ያለ ሰው ነው፣ ሻጩን ጠይቁ» አሉን። ሻጮቹን ስንጠይቅ «ቤቱን ከሸጥን ቆየን፣ ውኃውንም አንጠጣም» አሉን። ሁለቱም ወገን የሚያሳየው አንቀጽ አለው። ከ40ዎቹ ቤቶች 23ቱ የተከራዩ ናቸው። የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ደግሞ የወር መዋጮ ሲጠየቁ አንቀጽ 9ን ያወጣሉ፤ ነዋሪው ተከራዩ ነው ይላሉ። ተከራዩ በበኩሉ አባል እንዳልሆነ፣ ድምጽም እንደሌለው አንቀጽ 2ንና 14ን ያሳያል። እውነቱን ነው። ድምጽ የሌለውን ሰው ለፓምፕ ክፈል ማለት ለእኛም ከብዶናል።

እኛ እንዲህ ስንመላለስ ሰባት ሳምንት ውኃ ወደ ላይ አልወጣም። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ጀሪካን የሚያወጣላቸው ሰው እየጠበቁ ከደረጃው ሥር ተቀምጠው የዋሉበትን ቀን አንረሳውም። ፓምፑን ያቃጠለው ደንቡ ነው አንልም። በአንድ ሳምንት የሚያልቀውን ነገር ሰባት ሳምንት ያደረገው ግን ከአንቀጽ 9 እስከ 17 ያለው የቃላት መለዋወጥ ነው።

እዚህ ላይ ቢሯችሁ ስንመጣ ለተሰጠን መልስ የምንለው አለ። «ክርክር ከተነሳ ፍርድ ቤት ይተረጉመዋል» ተብለናል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1733 መሠረት የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ፣ ዳኛ ከግልጽ ትርጉሙ ርቆ የተዋዋዮቹ ሐሳብ ምን ነበር ብሎ ሊፈልግ አይችልም። የእኛም ችግር ቃሉ ጭጋጋማ መሆኑ አይደለም። «ነዋሪ» በጣም ግልጽ ቃል ነው፤ የሚኖር ሰው ማለት ነው። ቃሉ ግልጽ ሆኖ የተቀመጠበት ቦታ ግን የእርሱ አይደለም። እንዲህ ያለውን ስሕተት ዳኛ በቀላሉ የሚያርመው አይመስለንም፤ ብዥታ በሌለበት ቦታ «ይተርጎምልን» ማለት አስቸጋሪ ነውና። ስለዚህ መታረም ያለበት ከረቂቁ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን «ባለቤት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ያሳዘነንም ይህ ነው። አንቀጽ 15 እንዲህ ይላል፦ «አባሉ በጉባኤው መገኘት ካልቻለ ባለቤቱ በምትኩ ድምጽ ይሰጣል።» አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ባለቤት የንብረት ጌታ ነው፤ ባለቤት ባል ወይም ሚስትም ነው። ከዚህ አንቀጽ አንድ መስመር በላይ፣ አንቀጽ 14 ላይ፣ «ባለቤት» የተባለው የቤቱ ጌታ ነው። አንቀጽ 15 ላይ ግን የትዳር ጓደኛ መሆን አለበት፤ አለዚያ ዓረፍተ ነገሩ «የቤቱ ባለቤት ካልመጣ የቤቱ ባለቤት ይምጣ» ይሆናል።

የትዳር ጓደኛቸው የረጅም መንገድ ሹፌር የሆኑ አንዲት የሕንፃችን እናት በዚያ እሑድ ባላቸውን ወክለው መጥተው ነበር። ካርታው በባልየው ስም ነው። ያን ቀን መዝገብ የያዘው ሰው «ባለቤት የተባለው ካርታ ላይ ያለው ነው፣ አንቀጽ 14ን ይመልከቱ» ብሎ ድምጻቸውን አልመዘገበም። እሳቸውም አንቀጽ 15ን ጣታቸውን አሳርፈው አነበቡለት። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። እሳቸው በጉባኤው ፊት ለክርክር ቆመው መቅረታቸው ግን ትክክል አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ላይ መጥተው አያውቁም። «የትዳር ጓደኛው» የሚሉ ሁለት ቃላት ቢጻፉ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ይህን በተለይ የምናነሳው ችግሩ ሁለት ፊት እንዳለው ስለሚያሳይ ነው። በመጀመሪያው ቅሬታችን አንድ ነገር አምስት ስም ተሰጥቶታል። እዚህ ደግሞ ሁለት ነገር አንድ ስም ይዟል። ቃላቱን ቆጥሮ ማሳነስ ብቻ መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው። አንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ፣ አንድም ነገር አንድ ቃል ብቻ እንዲኖረው ሁለቱም አቅጣጫ መታየት አለባቸው።

ሦስተኛውን በአጭሩ እንለፈው። ማኅበሩን የሚመራው አካል አንቀጽ 19 ላይ «የሥራ አመራር ኮሚቴ»፣ አንቀጽ 20 ላይ «አመራሩ»፣ ስለ ሒሳብ በሚናገረው አንቀጽ 26 ላይ «ቦርድ» ተብሏል። ለፓምፑ የተዋጣውን ገንዘብ ለማስቀመጥ ወደ ባንክ ስንሄድ ማመልከቻውን ኮሚቴው ፈርሞ ነበር። ባንኩ ደንቡን አይቶ «የሒሳብ መክፈቻውን የሚፈርመው ቦርድ ነው ይላል፣ ቦርዳችሁ ማነው?» አለን። ቦርድ የለንም፤ ኖሮንም አያውቅም። ገንዘቡ በአንድ ሰው ቤት በፖስታ ተቀምጦ ከረመ። በዚያ ሰው ላይ ያደረውን ስጋት ለማንም አይመኙትም።

ይህ ሁሉ እንዴት እንደመጣ ለመረዳት የደንቡን ሶፍት ኮፒ ከእናንተ ተቀብለን አንቀጽ በአንቀጽ ተመልክተነዋል። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በመዝገብ ቤት 26 ዓመት ሠርቷል፤ ረቂቅ ሲያነብ መጀመሪያ የሚያየው ስፌቱን ነው። የእናንተ ደንብ ስፌት በግልጽ ይታያል። ከአንቀጽ 1 እስከ 8 ያለው ከአዋጁ ተወስዶ የተጻፈ ነው፤ «አባል» ይላል። ከ9 እስከ 18 ያለው የቀበሌ ቤቶችን መመሪያ ይመስላል፤ «ነዋሪ»፣ «ተጠቃሚ»፣ «ባለይዞታ» ይላል። የሒሳቡ ክፍል ከአክሲዮን ማኅበር ደንብ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ «ቦርድ»ን ያመጣው እርሱ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በመጣበት ቤት ራሱን የቻለ ነበር። አንድ ላይ ሲሰፋ ግን ቃላቱን ወደ አንድ የመለሰ ሰው አልነበረም። በዚህ ላይ ትምህርት ቤት ድርሰት ስንጽፍ «ቃል አትደጋግሙ» እየተባልን ያደግነው ልማድ አለ። ለድርሰት መልካም ምክር ነው። ደንብ ላይ ግን «የቤት ባለቤት» በአንድ ገጽ ሃያ ጊዜ ቢመጣ አንድም ሰው አይጎዳም።

እርማቱን ለማገዝ ስንሞክር ያገኘነውን ችግር ደግሞ እንንገራችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማል። በኮምፒዩተር «ባለቤት» ብለን ስንፈልግ 11 ቦታ ብቻ አገኘን። በእጅ ስንቆጥር ግን ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱ ፊደላችን ነው። «ባለቤቱ» እና «ባለቤቶች» ሲሆን «ት» ወደ «ቱ» እና «ቶ» ይለወጣል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሌላ ፊደል አድርጎ ያያቸዋል። «ባለቤ» ብለን በሦስት ፊደል ስንፈልግ 31 ቦታ ወጣ። «ነዋሪ» ላይ ይህ ችግር የለም፤ «ነዋሪው» እና «ነዋሪዎች» መጨረሻውን ሳይነኩት ይቀጥላሉና 19ኙም በአንድ ጊዜ ተገኙ። ሌላው የአጻጻፍ ልዩነት ነው። ደንቡ ውስጥ «ማኅበር»፣ «ማህበር» እና «ማሕበር» ሦስቱም አሉ። ሲነበብ አንድ ነው፤ ሲፈለግ ሦስት ነው። እንግዲህ የሚያርመው ሰው አንዱን ብቻ ፈልጎ «ጨርሻለሁ» ቢል ሁለቱ ሳይታረሙ ይቀራሉ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ኮምፒዩተሩ «ነዋሪ»ን ሁሉ በአንድ ጊዜ በ«የቤት ባለቤት» እንዲተካ ማዘዝ አደገኛ ነው። አንቀጽ 22 «ነዋሪ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚረብሽ ድምጽ ማሰማት የለበትም፣ ቆሻሻም በተመደበው ቦታ ይጥላል» ይላል። እዚህ ላይ «ነዋሪ» በትክክለኛ ቦታው ነው፤ የሚረብሸው ተከራይም ሊሆን ይችላልና። ቢተካ ተከራዩ ከግዴታ ነፃ ይወጣል። እንደዚሁ «ጥገና» እና «ከፍተኛ ጥገና» ስለሚመሳሰሉ ብቻ መዋሐድ የለባቸውም። አንዱ ከወርሃዊ መዋጮ የሚሸፈን የአምፖልና የቧንቧ ሥራ ነው፤ ሌላው ጉባኤ የሚወስንበት ትልቅ ወጪ ነው። የሁለቱን ወሰን በብር መጠን ወይም በሥራ ዓይነት ደንቡ ራሱ ቢያስቀምጠው ክርክር ይቀንሳል። 19ኙን «ነዋሪ» አንድ በአንድ አንብበን «እዚህ ላይ የታሰበው ማነው?» ብለን ስንጠይቅ፣ 14ቱ የቤት ባለቤትን፣ 5ቱ በእርግጥ ነዋሪን የሚመለከቱ ሆነው አገኘናቸው። ሥራው ለሦስት ሰዎች ሁለት ምሽት ብቻ ወሰደ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ የመለሳችሁትን ቃለ ጉባኤ እንደገና እንድትመረምሩልን። ምልዓተ ጉባኤው በቤት ባለቤቶች ቁጥር ቢቆጠር ከ40 ቤት 26ቱ ተገኝቷልና። አንቀጽ 14 አንድ ድምጽ የሚሰጠው ለባለቤት ከሆነ፣ ድምጽ የሌለውን ሰው ለምልዓተ ጉባኤ መቁጠር ደንቡን ከራሱ ጋር ያጋጨዋል። ፓምፑ አሁን የሚሠራው አንድ የቤት ባለቤት ባበደሩን ገንዘብ ነው፤ ውሳኔው ካልጸደቀ ልንመልስላቸው አንችልም።

ሁለተኛ፣ ሞዴሉ ተሻሽሎ እስኪወጣ ድረስ ይህንኑ ደንብ ለያዙ ማኅበራት ሁሉ አንድ የማብራሪያ ደብዳቤ እንድትጽፉ። ደብዳቤው በአንቀጽ 9፣ 11፣ 14 እና 17 የተጠቀሱት «ነዋሪ»፣ «ባለይዞታ»፣ «ባለቤት» እና «ተጠቃሚ» የቤት ባለቤትን እንደሚያመለክቱ፣ ቤቱ በውል ተሽጦ ስም ገና ካልተዛወረም መዋጮውን ማን እንደሚከፍል፣ አንቀጽ 15 ላይ ያለው «ባለቤቱ» የትዳር ጓደኛ መሆኑን በግልጽ ይናገር። የማኅበሩን መሪ አካልም በአንድ ስም ይጥራልን፤ «ኮሚቴ» ቢሆን ለባንኩም ለእኛም በቂ ነው።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ሞዴል ከመጻፉ በፊት በአንድ ገጽ ላይ የቃላት ዝርዝር ይዘጋጅ። በግራ በኩል ነገሩ፣ በቀኝ በኩል የተመረጠው አንድ ቃል ከነአጻጻፉ፣ ከሥሩም በረቂቁ ውስጥ እንዳይገቡ የተተዉ ቃላት ይጻፉ። ለምሳሌ «የቤት ባለቤት» በሚለው ሥር «ባለይዞታ፣ ተጠቃሚ፣ ባለንብረት» አይግቡ ይባላል። «ባለቤት» ብቻውን እንዳይጻፍ፣ ሁልጊዜ «የቤት ባለቤት» ወይም «የትዳር ጓደኛ» እንዲባልም ይወሰን። አንቀጽ 2 ላይ ያለው ትርጓሜ ከዚህ ገጽ ይቀዳ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ደንብ አንቀጽ ሲወሰድ የመጣበትን ቃል ይዞ እንዳይገባ፣ በዚህ ገጽ ተጣርቶ ይግባ።

አራተኛ፣ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት በሥራው ያልተሳተፈ አንድ ሰው ያንብበው። በተለያየ ቀለም የቤት ባለቤትን፣ ነዋሪንና መሪውን አካል በየቦታው ያቅልም። የማን እንደሆነ ሳይለይ ያለቀለም የቀረ ቃል ካለ እዚያ ላይ መልስ ያስፈልጋል። እኛ ይህን በራሳችን ቅጂ ላይ አድርገነዋል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘነዋል። ለአዲሱ ሞዴል ንባብም ሁለት ሰዎች ያለ ክፍያ ልንመድብላችሁ ፈቃደኞች ነን፤ አንደኛዋ በዚያ እሑድ ድምጻቸው ያልተመዘገበላቸው እናት እንዲሆኑ ጠይቀናቸው እሺ ብለዋል።

በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የጋራ ሕንፃው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ
በማኅበሩ የሥራ አመራር ኮሚቴና በጉባኤው በተገኙት የ26 ቤቶች ባለቤቶች ስም